ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ሦስት ሠራተኛ፦ ለትንሽ ሆቴል የእሳት አደጋ ዕቅድ እንዴት ይወጣል?

ሆቴል ያለው ሰው የእሳት አደጋ ዕቅድ አውጣልኝ ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ስንት ሠራተኛ አለ?

ብዙዎቹ ትንሽ ያስባሉ። ቀን 25 ሰው የሚርመሰመስበት ሆቴል ሌሊት ሦስት ሰው ይዞ ነው የሚያድረው። አንድ ሪሴፕሽን፣ አንድ ጥበቃ፣ አንድ ተረኛ አስተናጋጅ። ሥራ አስኪያጁ ቤቱ ተኝቷል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ዕቅድ ግን «የደህንነት ኃላፊ»፣ «የማዳን ቡድን»፣ «የመጀመሪያ እርዳታ ቡድን» እያለ 14 ሰው ይዘረዝራል። የተጻፈው ለቀኑ ነው። ስለዚህ እኔ ዕቅዱን ከሌሊቱ እጀምራለሁ። በሦስት ሰው የሚሠራ ዕቅድ በ25 ሰው አያቅተውም።

ሁለተኛው ነገር ጭስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ላስ ቬጋስ ውስጥ ኤምጂኤም ግራንድ ሆቴል ተቃጥሎ 85 ሰው ሞቷል። እሳቱ የነበረው ታች፣ ምግብ ቤቱና ካዚኖው አካባቢ ነው። አብዛኞቹ የሞቱት ግን ላይኛዎቹ ፎቆች ላይ ነበር፤ ነበልባሉ ሳይደርስባቸው። ጭሱ በደረጃውና በሊፍቱ ጉድጓድ ሽቅብ ወጥቶ ነው ያገኛቸው። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ቱርክ ውስጥ ካርታልካያ በሚባል ቦታ አንድ ሆቴል ሌሊት ተቃጥሎ 78 ሰው ሞተ። እሳቱ የተነሳው ምግብ ቤቱ ካለበት ፎቅ ነበር። የሁለቱ ሆቴሎች መጠን ከእናንተው ጋር አይገናኝ ይሆናል። ከታች ወጥ ቤት፣ ከላይ የተኛ እንግዳ፣ በመሃል ደረጃ መሆኑ ግን ያው ነው።

ምሳሌ የማደርገው አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ አብሬያቸው የሠራሁትን ሆቴል ነው። ስሙ ይቅር። ጂ ፕላስ ሦስት ነው። ምድር ላይ ምግብ ቤት፣ ወጥ ቤትና ሪሴፕሽን፤ ከዚያ በላይ በየፎቁ ሰባት ክፍል፣ በጠቅላላው 21። ደረጃው አንድ ብቻ ነው። ሊፍት የለውም።

አንደኛ፦ ሕንፃውን በእግር ማየት

ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ፣ ከመሸ በኋላ፣ ከጣራ እስከ ምድር ውረዱ። ቀን አይሆንም። ቀን በሩ ሁሉ ክፍት ነው፣ ብርሃንም አለ። ሌሊት የሚቆለፈውን የምታዩት ሌሊት ነው።

በየቦታው ሦስት ነገር ጠይቁ። እሳት ከዚህ ሊነሳ ይችላል ወይ? ከተነሳ ጭሱ በየት ይሄዳል? ሰው የሚወጣበት በር አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ያለ ቁልፍ ይከፈታል ወይ?

በእኛ ሆቴል ያገኘነው ይህን ነው። የወጥ ቤቱ በር የሚከፈተው ከደረጃው ግርጌ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። በሩ ደግሞ ትሪ ተሸክመው ለሚመላለሱ አስተናጋጆች እንዲመች ተብሎ በድንጋይ ተደግፎ ክፍት ይውላል፣ ያድራልም። የጋዝ ሲሊንደሮቹ ምድጃው ሥር ናቸው። ደረጃው ሥር ባለችው ባዶ ቦታ የመብራት ቦርዱ አለ፤ እዚያው ላይ አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ተደርድሯል። የጓሮው በር በጓጉንቸር ተቆልፏል። አንደኛ ፎቅ ላይ ያሉት መስኮቶች በሙሉ የሌባ መከላከያ ብረት አላቸው።

እነዚህን አንድ ላይ አድርጋችሁ አንብቧቸው። ወጥ ቤት ውስጥ እሳት ቢነሳ ጭሱ በተከፈተው በር ወጥቶ ደረጃውን እንደ ጭስ ማውጫ ይጠቀምበታል። እንግዳው ያለው መውጫ ደግሞ ያው ደረጃ ነው።

ሁለተኛ፦ ከወረቀቱ በፊት የሚስተካከሉ

ዕቅድ የሕንፃ ጉድለት አይሸፍንም። ስለዚህ ማንም ሰው ሚና ከመያዙ በፊት ጥቂት ነገር መሠራት አለበት።

ዋናው የወጥ ቤቱ በር ነው። ድንጋዩ ተነስቶ በሩ ላይ ራሱ የሚዘጋ ክንድ ተገጠመ። በሩም በእሳት መከላከያ በር ተተካ። አስተናጋጆቹ አጉረመረሙ፣ አልፈርድባቸውም። መፍትሔው በሩን በግፊት ወደ ሁለቱም በኩል የሚከፈት ማድረግና ትንሽ መስታወት ማስገባት ነበር፤ መስታወቱም እሳት የሚችል ዓይነት መሆን አለበት። ያኔ ድንጋዩ አልተመለሰም። ሥራ የሚያስቸግር በር ምንጊዜም ድንጋይ ያገኛል፤ ስለዚህ ሠራተኛውን ከመቆጣት በሩን ማመቻቸት ይሻላል።

የጋዝ ሲሊንደሮቹ ወደ ውጭ ወጡ። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ካፈተለከ ወለል ለወለል ይሳባል፣ ጉድጓድ ካገኘ ይተኛበታል። ስለዚህ ሲሊንደር ምድር ቤት ወይም የፍሳሽ መክደኛ አጠገብ አይቀመጥም። ከግድግዳው ውጪ፣ አየር በሚያገኝ የብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆሞ ይቀመጣል፤ መዝጊያውም ወጥ ቤት ሳይገባ የሚደረስበት ይሁን። ቱቦውን በሳሙና ውሃ ፈትሹ። አረፋ ከነፋ ያፈስሳል።

ፍራሾቹ ከደረጃው ሥር ወጡ። የስፖንጅ ፍራሽ ሲቃጠል የሚያወጣው ጥቁር ጭስ መርዛማ ነው። እሱን ከመብራት ቦርድ ጋር ደረጃ ሥር ማስቀመጥ እሳትን ቤት ሠርቶ መጋበዝ ነው።

የጓሮው በር ጓጉንቸሩ ወልቆ ከውስጥ በእጅ ብቻ የሚከፈት መቀርቀሪያ ተገጠመለት፤ ከውጭ አይከፈትም። ጥበቃው ሌባ ይገባል ብሎ ፈርቶ ነበር። በሩ ሲከፈት የሚጮህ ትንሽ ደወል ስናስገባለት ተስማማ። የመስኮቶቹ ብረትም በየክፍሉ ቢያንስ አንዱ ከውስጥ ያለ ቁልፍ እንዲከፈት ተቆርጦ ማጠፊያ ተበየደለት።

በየክፍሉ፣ በየኮሪደሩና በወጥ ቤቱ መግቢያ ማንቂያ ገባ። ወጥ ቤት ውስጥ ግን የጭስ ጠቋሚ አታድርጉ። ሽንኩርት በተቁላላ ቁጥር ይጮህና በሳምንቱ አንዱ ባትሪውን ያወጣዋል። እዚያ የሚገባው በሙቀት የሚሠራው ነው። ማንቂያዎቹ እርስ በርስ የተገናኙ ይሁኑ፤ አንዱ ሲጮህ ሁሉም ይጩህ። የተኛን ሰው ለመቀስቀስ ትራሱ ጋ ሲደርስ ድምፁ 75 ዴሲቤል አካባቢ መሆን አለበት። ኮሪደር ላይ ጆሮ የሚሰነጥቅ ደወል በተዘጋ በር ሲያልፍ ይደክማል። ስለዚህ በሩን ዘግታችሁ አልጋው ላይ ተኝታችሁ ስሙት።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። አንድ ደረጃ ብቻ ያለው ሆቴል ይህን ሁሉ አድርጎም ቢሆን አንድ ደረጃ ያለው ሆቴል ነው። እውነተኛው መፍትሔ ከውጭ የብረት ደረጃ መሥራት ነው። ያ እስኪሠራ ድረስ አረጋውያንን፣ ልጅ የያዙትንና መራመድ የሚያስቸግራቸውን አንደኛ ፎቅ አሳድሩ። ሦስተኛ ፎቅ በመጨረሻ ይሞላ።

ሦስተኛ፦ ሦስቱ የሌሊት ሚናዎች

በስም አትመድቡ። ሰው ይታመማል፣ ተረኛ ይለዋወጣል። በሥራ ቦታ መድቡ፦ ሪሴፕሽን ላይ ያለ ሰው ማንም ይሁን ማን ደዋይ ነው፤ ጥበቃው ከፋች ነው፤ ተረኛ አስተናጋጁ ቀስቃሽ ነው።

ደዋዩ መጀመሪያ ማንቂያውን ይጫናል። ከዚያ እሳት አደጋ ይደውላል። አዲስ አበባ 939 ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁ የከተማችሁን ጣቢያ በአካል ሄዳችሁ ቁጥሩን ተቀበሉ፣ ደውላችሁም ሞክሩት። አለቃው የሚደወልለት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ደጋግሜ የምለው ምክንያት አለኝ፤ ልምምዱ ላይ ታዩታላችሁ። ስልኩ አጠገብ የተጻፈ ወረቀት ይኑር፤ በድንጋጤ ሰዓት የሆቴሉን ስም እንኳ የሚረሳ አለ። «ከዋናው አስፋልት በየትኛው ባንክ በኩል ይገባል፣ ኮብልስቶኑ ላይ ስንተኛው ግቢ ነው፣ በሩ ምን ዓይነት ቀለም አለው» የሚለው ቃል በቃል ይጻፍ። የእኛ ሠፈር አድራሻ በምልክት ነው የሚነገረው፤ ምልክቱን ቀድሞ መምረጥ ነው። ደዋዩ ሲወጣ የዕለቱን የእንግዳ ዝርዝር ይዞ ይወጣል። ዝርዝሩ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ካለ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በየምሽቱ 4 ሰዓት ላይ በአንድ ገጽ ታትሞ ወይም በእጅ ተጽፎ መውጫው በር አጠገብ ይሰቀል።

ከፋቹ የጓሮውን በርና ዋናውን የግቢ በር ይከፍታል። የጋዙን መዝጊያ ከውጭ ይዘጋል። የወጥ ቤቱን ብሬከር ያወርዳል፤ ዋናውን ግን አይነካም። ዋናው ሲወርድ ደረጃው ይጨልማል፣ ሰው ይረጋገጣል። ዋናውን ማጥፋት የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሲደርሱ የሚወስኑት ነው። ጄኔሬተሩ ራሱ የሚነሳ ዓይነት ከሆነ ይህ እንዳይነሳ የሚያደርገው ቁልፍ የት እንዳለ ይወቅ። ቀጥሎ መንገዱ ላይ ቆሞ መኪናውን ይጠብቃል፤ የቆሙ መኪኖችን ያስነሳል። የእሳት አደጋ መኪና በጠባብ ኮብልስቶን ላይ በአንዲት ቪትስ ሊታገት ይችላል።

ከባዱ የቀስቃሹ ሚና ነው። ማስተር ቁልፍ፣ ባትሪና ጠመኔ ይይዛል። እሳቱ ወዳለበት ቅርብ ፎቅ መጀመሪያ፣ ከዚያ ወደ ላይ ይሄዳል። በየበሩ በቡጢ ይመታል፣ «እሳት! ውጡ!» ይላል፣ እንግዳው ሲወጣ በሩን ይዘጋና በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል። የሻንጣ ክርክር ውስጥ አይገባም።

አሁን ውሳኔው። ደረጃው ላይ ጭስ ካለ ቀስቃሹ አይወጣም። አንድ የሞተ አስተናጋጅ ማንንም አይቀሰቅስም። ያኔ ዕቅዱ ይቀየራል። ደዋዩ ግቢ ውስጥ ሆኖ ወደየክፍሉ ይደውላል። የሚለው አጭር ነው፦ «እሳት ተነስቷል። በሩን አይክፈቱ። ፎጣ አርጥበው በበሩ ሥር ይወትፉ። መስኮት ጋ ቆመው ይታዩ። እሳት አደጋ እየመጣ ነው።» የክፍል ስልክ ከሌለ እንግዳው ሲመዘገብ የሰጠው የሞባይል ቁጥር የዕለቱ ዝርዝር ላይ ይኑር። ጭስ በሞላው ደረጃ ከመውረድ ይልቅ የተዘጋ በር ጀርባ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

ማጥፊያ ሲሊንደርስ? ሠራተኛው ሁሉ እንዲለማመድበት አድርጉ፤ ወሰኑን ግን ንገሩት። ስድስት ኪሎው የዱቄት ማጥፊያ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ገደማ ነው የሚነፋው። ስለዚህ እሳቱ ከቆሻሻ ቅርጫት የማይበልጥ ከሆነና መውጫው ከጀርባችሁ ካለ ብቻ ሞክሩ። ቀለበቱን ንቀሉ፣ አፉን ወደ እሳቱ ሥር አነጣጥሩ፣ ተጫኑ፣ ግራና ቀኝ ጥረጉ። አንዱ ሲሊንደር ካልበቃው ሁለተኛ አትፈልጉ፤ በሩን ዝጉና ውጡ። የሚነድ ዘይት ላይ ውሃ ፈጽሞ አይደፋም። ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና 1700 ጊዜ ገደማ ይሰፋል፤ የሚነደውን ዘይት ይዞት ጣራ ይደርሳል። ጋዙን ዘግቶ በክዳን ወይም በእሳት ብርድ ልብስ መሸፈን፣ እስኪቀዘቅዝም ክዳኑን አለማንሳት ነው።

አራተኛ፦ ምልክቶች

አረንጓዴው ሯጭ ሰውዬ የመውጫ ነው፣ ቀዩ የማጥፊያና የማንቂያ። ከዚያ ውጪ ቀለም አትፍጠሩ። ከሆቴሉ ጌጥ ጋር እንዲሄድ ተብሎ በወርቃማ የተሠራ የመውጫ ምልክት አይቻለሁ። ያምራል፣ አይነበብም።

ምልክቱን የሚከፈተው በር ላይ አትለጥፉ፤ በሩ ሲከፈት ወደ ግድግዳው ዞሮ ይጠፋል። ከበሩ በላይ ወይም ጎን ይሁን። ጭስ መጀመሪያ የሚሞላው ጣራውን ስለሆነ ከላይ ካለው በተጨማሪ ጉልበት ከፍታ ላይ ሌላ ቀስት ለጥፉ። እየዳኸ የሚወጣ ሰው የሚያየው እሱን ነው። በጨለማ የሚያበራው ዓይነት ደግሞ ብርሃን መጥገብ አለበት። መብራት ለመቆጠብ ኮሪደሩ ሌሊቱን ሙሉ የሚጨልም ከሆነ ምልክቱም አብሮ ይጨልማል። እዚያ የሚያስፈልገው ባትሪ ያለው የአደጋ መብራት ነው።

በክፍሉ በር ጀርባ የሚለጠፈው ካርታ ላይ ብዙ ሆቴል የሚሳሳተው አቅጣጫውን ነው። አንድ ካርታ ተሠርቶ ለ21ዱም ክፍል ይባዛል። ከኮሪደሩ ግራ ያለው እንግዳ ካርታው «ወደ ቀኝ» ሲለው ወደማይወጣበት ጫፍ ይሄዳል። ካርታው ሰውዬው ፊቱን ወዳዞረበት አቅጣጫ መዞር አለበት። ክፍሉ ውስጥ ቆማችሁ ጣታችሁን ካርታው ላይ እያስኬዳችሁ ሞክሩት። ጽሑፉ አማርኛና እንግሊዝኛ፣ እንደ አካባቢው ደግሞ ኦሮምኛ ወይም ሌላ ይጨመር፤ ከአራት መስመር አይብለጥ።

አምስተኛ፦ ልምምድ

መጀመሪያ ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ፣ ቀጥሎ ቀን ላይ በዝግታ፣ ከዚያ የሌሊቱ ተረኞች ብቻ ያሉበት። ወደ ሦስተኛው ሳትደርሱ ተለማመድን አትበሉ።

እኛ የመጨረሻውን ያደረግነው እንግዳ በሌለበት ሰኞ ማታ ነው። ዘመዶችና የቀን ሠራተኞች 12 ክፍል ውስጥ ተኙ። ወጥ ቤት ውስጥ «እሳት» የሚል ካርቶን አስቀመጥን፣ እኔ ሰዓት ያዝኩ።

አስተናጋጁ ካርቶኑን አየና ማጥፊያውን ፍለጋ ሮጠ። ፍሪጁ ጀርባ ተሰቅሎ ነበር። ሪሴፕሽኗ ስልኩን አነሳች። ደስ አለኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ስለቀሰቀስኩዎት...» ስትል ሰማኋት። ባለቤቱ «ምን ያህል ነው እሳቱ? እስቲ ሄደሽ እይው» አላት። ሄዳ አይታ ተመለሰች። ማንቂያው የተጫነው በ3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። ጥበቃው መቀርቀሪያው ከተቀየረ በኋላም በልማድ ቁልፍ ሲፈልግ ነበር። የመጨረሻው ሰው በ11ኛው ደቂቃ ወጣ። ሰው ሁሉ የተሰበሰበው ደግሞ የግቢው በር ላይ፣ የእሳት አደጋ መኪና በሚገባበት ቦታ ነው።

ማንንም አልተቆጣንም። ያገኘነውን ጻፍን። ባለቤቱ ራሱ ሠራተኞቹ ፊት ቆሞ «ለእኔ ከመደወል በፊት ማንቂያውን ተጫኑ፣ 939 ደውሉ፤ በሐሰት ቢሆን እንኳ ደመወዝ አልቆርጥም» አለ። ከሁሉም የጠቀመው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጅቷ አለቃዋን ያስቀደመችው ባለማወቅ አይደለም፤ ፈርታ ነው። ማጥፊያው ወደ በሩ ተዛወረ። መሰብሰቢያው ከመንገዱ ማዶ ያለው ግንብ ሥር ሆነ፣ ከግንቡ ባለቤት ጋር ተነጋግረን አረንጓዴ ምልክት ቀባንበት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደገምነው። በዚህኛው ደረጃው ላይ «ጭስ» የሚል ሁለተኛ ካርቶን ደብቀን ነበር። ቀስቃሹ አየው፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ደዋይዋ ወደየክፍሉ መደወል ጀመረች። በ4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ የ12ቱም ክፍል ሰው ወይ መሰብሰቢያው ላይ ነበር ወይ መስኮት ላይ ቆሞ እጁን ያውለበልብ ነበር።

ቆጠራ ጀመርን። ዝርዝሩ ሞላ። ሁሉም አለ ተባለ። ያኔ የላውንደሪው በር ተከፍቶ አንድ ሰው ዓይኑን እያሸ ወጣ። ታክሲ ያጣ የወጥ ቤት ረዳት ነበር፤ አንሶላ ላይ ተኝቶ። እንግዳ አይደለም፣ ተረኛም አይደለም፣ የትም ዝርዝር ላይ የለም። ከዚያች ማታ ወዲህ የእንግዳው ዝርዝር ከሚሰቀልበት ሚስማር አጠገብ ሁለተኛ ሚስማር ተመትቷል። እዚያ የሚያድር ሠራተኛ ስሙንና የሚተኛበትን ቦታ ጽፎ ሳይሰቅል አይተኛም።